የጾም ጥያቄና መልስ፦ ከአባቶች ጠይቆ ለሰበካ ማዘጋጀት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አጥቢያዎች የጾም ወቅት ሲቃረብ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይነሳሉ። ገሃዱ መቼ ነው? እሑድም ይጾማል? መድኃኒት የምወስድ ሰው ነኝ፤ ምን ላድርግ? መልሱን ብዙ ጊዜ ጎረቤት ለጎረቤት ይነግረዋል፤ በመንገድም ግማሹ ይጠፋል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከአባቶች ጠይቀው አምስት ስድስት ጥያቄና መልስ ቢያዘጋጁ፣ ሳምንት በሳምንት ከቅዳሴ በኋላ ማንበብ ይቻላል። አሠራሩ የሚከተለው ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ከነዝርዝሩ ሰብስቡ

ጾሙ ከመግባቱ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር ሰው ሳይፈራ የሚጠይቅባቸው ቦታዎች ናቸው። ጥያቄውን ጠያቂው በተናገረበት ቃል ጻፉት፤ የትኛው ጾም፣ የትኛው ቀን እንደሆነና የጠያቂውን ዕድሜ ወይም ሁኔታ ጨምሩ። «ልጄ ይጹም ወይ?» ብቻ ብሎ ለመጣ ሰው «ስንት ዓመቱ ነው?» በሉት። ሕፃናት ጾም የሚጀምሩት በሰባት ዓመት እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ስለምታስተምር፣ ዕድሜው ካልታወቀ አባቶች ሊመልሱት አይችሉም።

ደረጃ 2፦ ጥያቄዎቹን በሦስት ክፈሉ

የመጀመሪያው ክፍል ሁሉን ምእመን የሚመለከት ሥርዓት ነው። ሰባቱ የዐዋጅ አጽዋማት፣ ማለትም ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ጾመ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ነነዌ፣ ገሃድና ረቡዕ ዓርብ እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው የፈቃድ ጾም ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ የሚጾመውን የጽጌ ጾም ብዙ እናቶች በፍቅር ይጾሙታል፤ ነገር ግን ከሰባቱ አይደለም። ይህን ሳትለዩ ካነበባችሁት፣ ያልጾመው ሰው የዐዋጅ ጾም እንደሻረ አድርጎ ራሱን ይከሳል። ሦስተኛው ክፍል የአንድ ሰው ጉዳይ ነው፤ ሕመም፣ እርግዝና፣ ማጥባት፣ ከባድ ሥራ። ይህ በሰው ፊት አይነበብም፤ ወደ ደረጃ 6 ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ የሚጠየቀውን አባት ምረጡ

አገራችን የሊቃውንት አገር ናት። የቤተ ልሔም የድጓ ምስክር፣ የዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር በጋይንት ይገኛሉ። ሆኖም እያንዳንዱ ሊቅ የተካነበት ጉባኤ አለው። የበዓልና የጾም ቀን ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ የሚያወጣውን መሪጌታ ጠይቁ። የሥርዓት ጥያቄ ፍትሐ ነገሥት ለተማሩ የመጻሕፍት መምህር ይቅረብ፤ የጾም ነገር የሚገኘው በዐንቀጽ 15 ነው። አጥቢያው እንዲህ ያሉ መምህር ከሌሉት የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዳችሁ ወደ ወረዳው ቤተ ክህነት ሂዱ።

ደረጃ 4፦ ምግቡንና ሰዓቱን ለየብቻ ጠይቁ

ስሕተት በብዛት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በጾም ሁለት ነገር አለ፤ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መከልከል አንዱ ነው፣ እስከ ተወሰነ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ሌላው ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ። በዐቢይ ጾም ውስጥ ያሉት ቅዳሜና እሑድ ግን ከቅዳሜ ሹር በቀር የሰዓት ጾም የለባቸውም። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በጠዋት መብላት ይቻላል፤ ማዕዱ ግን ሽሮ ወይም ምስር እንጂ ቅቤ አይደለም። «እሑድ አይጾምም» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ፣ አንዱ ወተት ተፈቀደ ብሎ ይሰማዋል። ስለዚህ «የኔታ፣ በዚህ ቀን ምግቡ ምንድን ነው? ሰዓቱስ እስከ ስንት ነው?» ብላችሁ ሁለቱንም ጠይቁ። ቀጥሎም «ይህ የማይሠራበት ጊዜ አለ?» በሉ። ረቡዕና ዓርብ በበዓለ ሃምሳ፣ ማለትም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ጊዜ፣ እንደማይጾሙ የምታውቁት ይህን ስትጠይቁ ነው።

ደረጃ 5፦ መልሱን በቀን አስልታችሁ ፈትሹ

የ2018 ዓ.ም. ገሃድን እንውሰድ። መስከረም 1 ሐሙስ ስለ ዋለ ልደት፣ ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ ዋለ። ጌታ የተወለደበት ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ያ ቀን አይጾምም፤ በለውጡ ዋዜማው ይጾማል። በዚያ ዓመት ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28፣ የጾመ ነቢያት የመጨረሻ ቀንና ገሃድ ሆነ፤ ረቡዕ ጠዋት በግ ማረድ ምንም ነውር አልነበረበትም።

ጥምቀትስ? ጥር 11 ሰኞ ዋለ፤ ገሃዱ ጥር 10 እሑድ ላይ ወደቀ። ደረጃ 4 የሚያገለግለው አሁን ነው። ገሃድ ስለሆነ የጥሉላት ምግብ አይበላም፤ እሑድ ስለሆነ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም። መልሱ በአጭሩ ሲጻፍ፦

ጥያቄ፦ የጥምቀት ገሃድ እሑድ ሲውል እንዴት ይጾማል?
መልስ፦ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል እንከለከላለን። ቀኑ ሰንበት ስለሆነ የሰዓት ጾም የለበትም፤ ከቅዳሴ በኋላ የጾም ምግብ ይበላል። ሥጋ ወደሙ የሚቀበል ሰው ግን 18 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ይቆያል።

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ባትኖር ኖሮ ለቊርባን የሚዘጋጅ ሰው ራሱን ነጻ አድርጎ ማለዳ በበላ ነበር። መልስ ስትጽፉ «ማንን አይመለከትም?» እያላችሁ አንብቡት።

ደረጃ 6፦ የግል ጉዳይን ወደ ንስሐ አባት ላኩ

ሕመምተኛ ለጾም እንደማይገደድ አባቶች ያስተምራሉ። ነገር ግን ምን ያህል ይቅለል፣ ሰዓቱ ነው ወይስ ምግቡም የሚለው ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል፤ የሚወስነውም ኑሮውን የሚያውቅ የንስሐ አባቱ ነው። አንዲት የስኳር ሕመምተኛ እስከ 9 ሰዓት ብትቆይ፣ መድኃኒቷን በባዶ ሆዷ ወስዳ ልትወድቅ ትችላለች። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ በሰበካው የሚነበበው መልስ ይህ ይሁን፦ መድኃኒትዎን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪሙ ስንት ሰዓት ላይና ከምን ጋር ውሰዱ እንዳለዎት ይዘው፣ ጾሙ ሳይገባ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም እንዲሁ ታድርግ። ለአንዷ የተሰጠውን ፈቃድ ለሌላዋ አትጻፉ፤ የጠያቂውንም ስም ከማስታወሻችሁ ሰርዙ።

ደረጃ 7፦ መልሱን አስነብባችሁ አውጁ

ንጹሑን ግልባጭ ለመለሱት አባት መልሳችሁ አንብቡላቸው። «እንዲህ አላልሁም» ካሉ ቦታው ላይ አርሙት። ሁለት አባቶች የተለያየ መልስ ከሰጡ ራሳችሁ አትምረጡ፤ ሁለቱንም ጽፋችሁ ለደብሩ አስተዳዳሪ አቅርቡ፣ እስኪለይም ጥያቄውን አቆዩት። የተረጋገጠውን በየእሑዱ አንድ ወይም ሁለት እያደረጋችሁ አንብቡ፤ የገሃዱ ጥያቄ በዓሉ ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት እሑድ ቀድሞ ይነበብ። የሩቅ ጎጥ ሰው በየሳምንቱ ላይመጣ ስለሚችል፣ ግልባጩን በየጽዋ ማኅበሩ ማንበብ ለሚችል አንድ ሰው ስጡት። ወረቀቱ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ፤ የዘንድሮው ቀን ለከርሞ አይሠራም፣ በየዓመቱ መሪጌታውን እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል።