ትንሹን ከረንት የማያየው ብሬከር፦ ጄኔሬተር ላለው ቦርድ ጥናት መረጃ አሰባሰብ

መብራት ሲጠፋ ወደ ጄኔሬተር የሚዞር ቦርድ ሁለት ምንጭ አለው። ስለዚህ የሾርትና የአርክ ፍላሽ ስሌቱም ለየምንጩ ለብቻው ይሠራል። ብዙ ባለሙያ ትልቁን የሾርት ከረንት ያሳድዳል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ትንሹ ነው። ለምሳሌ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ባለ 400 ቮልት ቦርድ ከ630 ኬቪኤ ትራንስፎርመርና ከ250 ኬቪኤ ጄኔሬተር ይመገባል እንበል።

1. ከትራንስፎርመሩ ታርጋ ኬቪኤውን፣ ቮልቴጁንና የኢምፔዳንሱን ፐርሰንት ይመዝግቡ። ኢምፔዳንሱ 4 ከመቶ ከሆነ ሙሉ ጭነቱን 909 አምፒር ለ0.04 ሲያካፍሉ 22,700 አምፒር ገደማ ይመጣል። ይህ ከኋላ ያለው መስመር ወሰን የለሽ ጉልበት አለው ብሎ የሚነሳ ስሌት ነው። እውነተኛውን ለማግኘት የመስመሩን ከፍተኛና ዝቅተኛ የሾርት መጠን ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይጠይቁ። የኬብሉን ርዝመት፣ ውፍረትና ዓይነት (መዳብ ወይስ አሉሚኒየም) ደግሞ ከሥዕሉ ሳይሆን ከቦታው ይውሰዱ።

2. የጄኔሬተሩ ዋና ቁጥር ብዙውን ጊዜ ታርጋው ላይ አይገኝም። በአልተርኔተሩ ፋብሪካ ሰነድ ላይ X"d ተብሎ የተጻፈውን ሪአክታንስና የተሰላበትን ኬቪኤ ይፈልጉ። 12 ከመቶ ከሆነ 361 አምፒር ለ0.12 ተካፍሎ 3,000 አምፒር ይሰጣል። ይኸው ጄኔሬተር ደሴ ላይ ቢተከል ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የሞተሩ አቅም ይቀንሳል፤ የሾርት ከረንቱን የሚሰጠው ግን አልተርኔተሩ ነው። ኬቪኤውን ወደ 200 ዝቅ አድርጎ ያንኑ 12 ከመቶ ያስገባ ሰው 2,400 ያገኛል፤ ተሳስቷል።

የማነቃቂያውን ዓይነትም ይጠይቁ። ረዳት ጥቅልል ወይም ቋሚ ማግኔት ያለው ለጥቂት ሰከንዶች የሙሉ ጭነቱን ሦስት እጥፍ ያህል ይዞ ይቆያል። ከራሱ ቮልቴጅ ብቻ የሚነቃቃው ግን ቮልቴጁ ሲወድቅ ከረንቱም አብሮ ይወድቃል።

3. የእያንዳንዱን ብሬከር ሞዴልና የማስተካከያ ቁልፎቹን ቦታ ፎቶ ያንሱ። አደጋው የተደበቀው እዚህ ነው። የጄኔሬተሩ ባለ 400 አምፒር ብሬከር ቅጽበታዊ መቁረጫው 10 እጥፍ ላይ ከሆነ የሚነሳው በ4,000 አምፒር ነው፤ 3,000ውን አያየውም። አርኩ ራሱ ከዚያም ያነሰ ስለሚሆን፣ ብሬከሩ በሙቀት መቁረጫው እስኪነሳ ድረስ ለሰከንዶች ይነዳል። በትራንስፎርመር በኩል ያለው ትልቅ ከረንት ግን ከአንድ ሰከንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚተከል ብሬከር ደግሞ የአምራቹን የከፍታ ማስተካከያ ይጨምሩ፤ ደሴ ያስፈልጋታል፣ ኮምቦልቻ አያስፈልጋትም።

4. በመጨረሻ የሳጥኑን ቁመት፣ ስፋትና ጥልቀት፣ በባስባሮቹ መካከል ያለውን ክፍተትና አቀማመጣቸውን ይለኩ። በአይኢኢኢ 1584 መሠረት ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ስዊችጊር የተለመደው ክፍተት 32 ሚሊሜትር፣ የሠራተኛው ርቀት 610 ሚሊሜትር ነው። ሳጥኑ ከዚህ ከተለየ የለኩትን ያስገቡ።

ሶፍትዌሩ ለጄኔሬተሩ ከ3,000 በጣም የራቀ መነሻ ከረንት ካወጣ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው ሪአክታንሱ የተሰላበት ኬቪኤ ነው።