የተዘጉ በሮችና የመልስ ጉዞ፦ የሜትሮይድቫኒያ ጨዋታዎች ካርታ አነዳደፍ

«ሜትሮይድቫኒያ» የሚለው ስያሜ «ሜትሮይድ» እና «ካስልቫኒያ» ከተባሉት ሁለት የቪዲዮ ጨዋታዎች ስም ተጣምሮ የተገኘ ነው። በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ውስጥ ዓለሙ በተከታታይ ደረጃዎች የተከፋፈለ ሳይሆን እርስ በርሱ የተያያዘ አንድ ሰፊ ካርታ ነው። ተጫዋቹ በየቦታው የማያልፋቸው መሰናክሎች ያጋጥሙታል፤ ከፍ ያለ ገደል፣ ጠባብ ቀዳዳ፣ ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ በር። ችሎታውን ሌላ ቦታ አግኝቶ ሲመለስ መሰናክሉ መንገድ ይሆንለታል። እንግዲህ ንድፉ ያለ መልስ ጉዞ አይቆምም። ሆኖም ይኸው የመልስ ጉዞ በአንዱ ጨዋታ ሲያስደስት በሌላው ያሰለቻል። በዚህ ጽሑፍ የልዩነቱን ምክንያት እንመረምራለን።

እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ የቀረበው «ሱፐር ሜትሮይድ» መልሱን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያሳያል። የጨዋታው ባለታሪክ ሳሙስ ዜቤስ በተባለች ፕላኔት ላይ አርፋ ወደ ከርሰ ምድር ትወርዳለች። የምታልፍባቸው ክፍሎች ጭር ያሉ ናቸው፤ አንድም ጠላት የለም። ከታች ሰውነቷን ወደ ትንሽ ኳስ የምትለውጥበትን ችሎታና የመጀመሪያዎቹን 5 ሚሳይሎች ታገኛለች። ከዚያም በመጣችበት መንገድ ወደ ላይ ትመለሳለች። ግድግዳው፣ ወለሉና በሩ ያው ነው፤ ነገር ግን ባዶ የነበሩት ክፍሎች አሁን በጠላት ተሞልተዋል። ላይ ስትደርስ ደግሞ በሚሳይል ብቻ የሚከፈት ቀይ በር አለ፤ በሩን ለመክፈት የሚያስፈልጉት ሚሳይሎችም 5 ናቸው። ንድፍ አውጪዎቹ አዲስ ክፍል ሳይሠሩ በአንዱ መንገድ ሁለት የተለያዩ ጉዞዎችን አስገኝተዋል። ተጫዋቹ በጉዞው ላይ ሁለት ለውጦች ያገኛል፦ ቦታው እንደ ቀድሞው አይደለም፤ እርሱም እንደ ቀድሞው አይደለም።

ሁለተኛውን ለውጥ በምሳሌ እንመልከት። አንድ አዳራሽ አለ እንበል። በአዳራሹ አናት ላይ በተራ ዝላይ የማይደረስበት መደብ ይታያል። ከአዳራሹ ተነሥተን እያንዳንዳቸው 30 ሰከንድ የሚፈጁ ሦስት መተላለፊያዎችን ስናልፍ አንድ ዋሻ እናገኛለን፤ በዋሻው ውስጥ በአየር ላይ ሳለን እንደገና እንድንዘል የሚያስችለን «ድርብ ዝላይ» ተቀምጧል። ተጫዋቹ ችሎታውን ይዞ በመጣበት መንገድ ከተመለሰ 90 ሰከንድ ይጓዛል። ይህ ብቻውን ብዙ አይመስልም። ነገር ግን በጨዋታው ውስጥ እንዲህ ያሉ አራት ችሎታዎች ካሉና ተጫዋቹ መንገድ እየሳተ እያንዳንዱን መልስ ሁለት ጊዜ ቢሄድ፣ 4 × 90 × 2 = 720 ሰከንድ ወይም 12 ደቂቃ የሚያውቀውን ግድግዳ ሲያይ ያጠፋል።

አሁን ንድፉን እንለውጥ። ከሦስተኛው መተላለፊያ ወደ ዋሻው የሚገባው በመውደቅ ይሁን፤ በገባንበት መውጣት አይቻልም። ከዋሻው የሚያስወጣው ብቸኛ መንገድ በድርብ ዝላይ ብቻ የሚወጣ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ነው። የጉድጓዱ አናት ከውስጥ በኩል ብቻ በሚከፈት በር አዳራሹ ውስጥ ያስወጣናል። የመልሱ ጉዞ 25 ሰከንድ ሆነ፤ ከላይ የጠቀስነው 12 ደቂቃም ወደ 200 ሰከንድ ወረደ። ከጊዜው ቁጠባ ይልቅ ግን ሌላው ጥቅም ይበልጣል። ተጫዋቹ አዲሱን ችሎታ ሳይጠቀም ከዋሻው ሊወጣ ስለማይችል፣ ያለ አንድ ቃል መመሪያ ተምሮ ይወጣል። በሩን ከፍቶ ራሱን በሚያውቀው አዳራሽ ውስጥ ሲያገኘውም ሩቅ የመሰለው ዋሻ ጎረቤት እንደነበረ ይገነዘባል። በእኔ አስተያየት የዚህ ዓይነት ጨዋታ ትልቁ ደስታ ይኸው ነው።

አቋራጩ ዋጋ ያስከፍላል። ሦስቱ መተላለፊያዎች ከዚህ በኋላ ማንም አይረግጣቸውም፤ የተደከመባቸው ክፍሎች አንዴ ታይተው ይቀራሉ። ስለዚህ በሁለተኛው መተላለፊያ ጣሪያ ላይ በድርብ ዝላይ የሚደረስበት ትንሽ ክፍል ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ከአዳራሹ የሚርቀው 30 ሰከንድ ነው፤ የሚሄድበትም አስታውሶ የፈለገ ብቻ ነው። በግዴታ የሚደረግ መልስና በፈቃድ የሚደረግ መልስ በሰዓት እኩል ቢሆኑም በስሜት እኩል አይደሉም።

ተጫዋቹ እንዲያስታውስ ደግሞ በሩ ከቁልፉ በፊት መታየት አለበት። በዚህ ረገድ በ«ሱፐር ሜትሮይድ» ውስጥ ያለው የመስተዋት ቱቦ ይጠቀሳል። ቱቦው በውኃ ውስጥ ያልፋል፤ ተጫዋቹ ወደ ሌሎች ስፍራዎች ሲመላለስ በውስጡ ያቋርጣል፣ ከመስተዋቱ ባሻገርም ማሪዲያ የተባለውን የውኃ ዓለም ያያል። የሚከፈት በር የለም። ብዙ ቆይቶ ኃይለኛውን ቦምብ ሲያገኝና በቱቦው ውስጥ ሲያፈነዳው መስተዋቱ ተሰነጣጥቆ ይፈርሳል፤ ማሪዲያም ይከፈታል። የቱቦው ብልሃት መሰናክሉ ተጫዋቹ በሌላ ምክንያት በሚያልፍበት መንገድ ላይ መሆኑ ነው። ጉድለትም አለው፤ ቱቦው ሊሰበር እንደሚችል ሳይጠረጥር የሚንከራተት ተጫዋች ይኖራል። እንዲህ ያለውን እንቆቅልሽ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ማስቀመጥ አደገኛ ይመስለኛል።

ከመሰልቸት የከፋው ተጫዋቹ ጨርሶ መውጫ ማጣቱ ነው። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ንድፍ አውጪው በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ድርብ ዝላዩን ከዋሻው ወደ ሌላ ክፍል ቢያዛውር፣ ችሎታው ሳይኖረው ወደ ዋሻው የወደቀ ሰው ለዘላለም እዚያው ይቀራል። ይህን በዓይን ማጣራት አድካሚ ሲሆን ለኮምፒውተር ግን ቀላል ነው። የተጫዋቹ ሁኔታ «የት ክፍል ነው፣ የትኞቹን ችሎታዎች ይዟል» በሚል ይገለጻል። 40 ክፍሎችና 6 ችሎታዎች ቢኖሩ፣ ችሎታዎቹ በ2⁶ = 64 ዓይነት ስለሚጣመሩ ሁኔታዎቹ ቢበዛ 40 × 64 = 2560 ናቸው። በመጀመሪያ ከመነሻው ሊደረስባቸው የሚችሉት ሁኔታዎች በሙሉ ይመዘገባሉ። ቀጥሎ ከጨዋታው ፍጻሜ ወደ ኋላ በመቁጠር ወደ ፍጻሜው የሚያደርሱት ይመዘገባሉ። በመጀመሪያው መዝገብ ገብቶ በሁለተኛው የሌለ ሁኔታ ሁሉ ወጥመድ ነው፤ «ዋሻ፣ ያለ ምንም ችሎታ» የሚለውም ወዲያው ይገኛል። አንድ ጊዜ ተከፍተው ክፍት የሚቀሩ በሮችም እንደ ችሎታ ሊቆጠሩ ይገባል፤ አለበለዚያ ስሌቱ ይስታል።

ይህ ስሌት የማይቻለውን እንጂ አሰልቺውን አያገኝም። ንድፍ አውጪው ያላሰባቸውን ዘዴዎችም አያውቅም፤ በ«ሱፐር ሜትሮይድ» ግድግዳን እየረገጡ መዝለልን የለመዱ ተጫዋቾች አንዳንድ ችሎታዎችን በታሰበው ቅደም ተከተል ሳይጠብቁ ቀድመው ያልፋሉ።

መሰልቸትን ለማወቅ ካርታውን የማያውቅ ሰው ሲጫወት መመልከት ያስፈልጋል። ጠቃሚው መለኪያ ጠቅላላ የጉዞው ጊዜ አይደለም። ቀድሞ ባያቸው ክፍሎች ውስጥ አዲስ ነገር ሳያደርግ፣ ሳያይና ሳይመርጥ የሚያሳልፈው ተከታታይ ሰከንድ ነው። ይህ ቁጥር በአንድ ቦታ ላይ ለብዙ ተጫዋቾች ከረዘመ እዚያ አቋራጭ ይጎድላል፤ ወይም ባዶ የነበረ ክፍል እንደ ዜቤስ መንቃት አለበት። ተጫዋቹ ካርታውን እየደጋገመ ከፍቶ ቆሞ የሚያስብ ከሆነ ግን ችግሩ ርቀት አይደለም። ያኔ አቋራጭ ቢጨመር አይጠቅምም፤ የተዘጋውን በር በመጀመሪያ ሲያልፍ ልብ ብሎ እንዲያየው ክፍሉን እንደገና መንደፍ ያስፈልጋል።