የመታወቂያ ቅጂ አያያዝ፦ ከመቀበል እስከ ማስወገድ

ለርዳታ ምዝገባ፣ ለሥልጠና አበልና ለልዩ ልዩ ማስረጃ ሲባል የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶች የምእመናንን መታወቂያ ቅጂ ይቀበላሉ። ቅጂው ባልተገባ እጅ ከገባ በባለቤቱ ስም ስልክ ቁጥር ለማስመዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ወይም ዋስትና ለመግባት መሞከሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የአንዱን ቅጂ ጉዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተላለን። ለምሳሌ አንድ ሰበካ ጉባኤ 40 አረጋውያንን ለዱቄትና ለዘይት ርዳታ መዝግቦ ማስረጃቸውን ወደ ሀገረ ስብከቱ ልማት ክፍል ሊልክ ነው እንበል።

አንደኛ፦ ቅጂ ያስፈልጋልን?

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ፣ በሚያስፈልገው መጠንና ለሚያስፈልገው ጊዜ እንዲያዝ ያዛል። ርዳታ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ከሆነ መዝጋቢው መታወቂያውን አይቶ፣ ፊቱን ከፎቶው ጋር አስተያይቶ፣ በመዝገቡ ላይ «መታወቂያ ታይቷል» ብሎ ከቀንና ከፊርማ ጋር ቢጽፍ ይበቃል። ለጋሹ አካል ቅጂ የሚጠይቅ ከሆነ ግን የትኛው ገጽና የትኛው መረጃ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፦ መሸፈንና ምልክት ማድረግ

በፋይዳ ካርድ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። 12 አሃዝ ያለው የባለቤቱ ቋሚ መለያ ሲሆን፣ 16 አሃዝ ያለው ደግሞ ቋሚው ቁጥር በየቦታው እንዳይሰጥ የተዘጋጀ ተለዋጭ ነው። ስለዚህ 12 አሃዙ ካልተጠየቀ ይሸፈን። ኪው አር ኮዱም አብሮ ይሸፈን፤ በስልክ ሲነበብ የባለቤቱን መረጃ ያወጣልና፣ ጽሑፉን ሸፍኖ ኮዱን መተው በሩን ዘግቶ መስኮቱን ክፍት እንደ መተው ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መሸፈኛ ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት በካርዱ ላይ ይደረጋል። በስልክ ላይ በማድመቂያ ብዕር የተቀባ ጥቁር ቀለም ብርሃኑ ሲጨመር ከሥሩ ያለውን ሊያሳይ ይችላል። በፒዲኤፍ ላይ የተደረበ ጥቁር ሳጥንም አንዳንድ ጊዜ ተነሥቶ ጽሑፉ ይገኛል።

ቀጥሎ በወረቀት ቅጂው ላይ በአግድም እንዲህ ይጻፍ፦ «ለዱቄትና ዘይት ርዳታ ምዝገባ ብቻ የተሰጠ»፤ ቀኑም ይጨመር። ጽሑፉ በስሙና በቁጥሩ ላይ ይለፍ፤ ፎቶውን ግን አይሸፍን። በባዶው ጠርዝ ላይ ቢጻፍ በቀላሉ ተቆርጦ ይወጣል። ይህ ምልክት አጭበርባሪን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ነገር ግን ቅጂውን ለሌላ ጉዳይ የሚያቀርበውን ሰው ያጋልጣል።

ሦስተኛ፦ ስካን ማድረግና መላክ

በኮፒ ቤት ስካን ሲደረግ ፋይሉ በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። የሚሻለው በጽሕፈት ቤቱ መሣሪያ መሥራት ነው፤ ካልተቻለ ግን ባለጉዳዩ አጠገብ ቆሞ ፋይሉ ከኮምፒውተሩም ከ Recycle Bin ም መጥፋቱን ይመልከት።

የ40ውን ሰው መታወቂያ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ መለጠፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ምስሉ በየአባሉ ስልክ ሊቀመጥ ይችላል፤ የቀድሞ መልእክት ክፍት ከሆነም በኋላ የሚገባ አባል ሁሉ ያየዋል። በዚህ ፈንታ ምስሎቹ በአንድ የወርድ ሰነድ ይሰብሰቡና File > Info > Protect Document > Encrypt with Password በሚለው መንገድ የይለፍ ቃል ይደረግባቸው። ሰነዱ ለአንድ ለታወቀ ተቀባይ በኢሜይል ይላክ፤ የይለፍ ቃሉ ግን በስልክ ድምፅ ይነገር። ሁለቱ በአንድ መልእክት ከተላኩ ቁልፉን በሳጥኑ ላይ አንጠልጥሎ እንደ መስጠት ይሆናል። የይለፍ ቃሉ ከተረሳ ሰነዱን መክፈት አይቻልምና በጥንቃቄ ይያዝ።

አራተኛ፦ ማስቀመጥና ማስወገድ

የወረቀት ቅጂዎቹ በሚቆለፍ ሣጥን ይቀመጡ፤ ቁልፉን የሚይዘውም በቃለ ጉባኤ ይወሰን። የርዳታው ሒሳብ ተመርምሮ ለጋሹ የወሰነው የማቆያ ጊዜ ሲያበቃ ሁለት አባላት ባሉበት ይቃጠሉና ብዛታቸው በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ቅጂን ለዕቃ መጠቅለያ ወይም ለጀርባ ጽሑፍ መስጠት አይገባም። ፎቶ የተነሣበት ስልክም ይታይ፤ ምስሎቹ ከማኅደሩና ከቅርብ ጊዜ ከተሰረዙት ዝርዝር ይጥፉ።

ባለቤቱ ያልጠየቀው የማረጋገጫ ቁጥር በስልኩ ቢደርሰው፣ ወይም ስለማያውቀው ሒሳብና ብድር መልእክት ቢመጣለት፣ ቁጥሩን ለማንም ሳይሰጥ ወዲያው ለባንኩና ለፖሊስ ያመልክት። ጽሕፈት ቤቱም ቅጂው መቼ፣ ለማንና ለምን እንደተላከ ከመዝገቡ አውጥቶ ይስጠው። ይህ መዝገብ ከሌለ ቅጂው ከየት እንደወጣ ማወቅ ስለሚያዳግት፣ እያንዳንዱ ቅጂ ሲወጣ የተቀባዩ ስም፣ ቀኑና ጉዳዩ በአንድ መስመር ይጻፍ።