የፑኔት ሠንጠረዥ መልስ እንዴት ይረጋገጣል? የቢጫ አይጦች ድቀላ እንደ ማሳያ

የፑኔት ሠንጠረዥ ያለ ስሕተት መሞላቱ ብቻውን የውርስ ጥያቄው በትክክል መመለሱን አያረጋግጥም። ሠንጠረዡ የሚያሳየው ከተገመቱት ወላጆች ምን ዓይነት ፅንሶች በምን ያህል ዕድል እንደሚፈጠሩ ነው። የወላጆቹ ጂኖታይፕ ትክክል መሆኑና የተሰላው ምጥጥን በተወለዱት ላይ መታየቱ ለየብቻ መመርመር ያለባቸው ሁለት ጉዳዮች ናቸው። የቢጫ አይጦች ድቀላ ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል።

ፈረንሳዊው ሉሲየን ኬኖ በ1905 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ከቢጫ አይጦች መካከል ንጹሕ ዘር ያለው፣ ማለትም ሆሞዛይገስ የሆነ፣ አንድም እንዳላገኘ አሳወቀ። በ1910 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካውያኑ ካስል እና ሊትል ቢጫን ከቢጫ አዳቅለው ካገኟቸው 1,235 ውላጆች መካከል 800ዎቹ ቢጫ፣ 435ቱ ሌላ ቀለም እንደነበራቸው ዘገቡ። የቢጫ ቀለም አሊል ጎልቶ የሚታይ (ዶሚናንት) ስለሆነ በY፣ ሌላው በy ይወከል። ለዚህ ድቀላ የሚቀርበው የተለመደ መልስ የሚከተለው ሠንጠረዥና የ3:1 ምጥጥን ነው።

```
      Y     y
Y    YY    Yy
y    Yy    yy
```

ማረጋገጡ ከውላጆች ተነሥቶ ወደ ወላጆች ይሄዳል። ቢጫ ያልሆነ ውላጅ ጂኖታይፑ yy ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱ y አንዱን ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ወርሷል። ስለዚህ ሁለቱም ወላጆች y አላቸው። ሁለቱም ቢጫ ስለሆኑ ደግሞ Y አላቸው። በመሆኑም የወላጆቹ ጂኖታይፕ Yy × Yy ነው። ከወላጆቹ አንዱ YY ነው የሚል መልስ ቢቀርብ አንድ ቢጫ ያልሆነ ውላጅ ብቻ ውድቅ ያደርገዋል፤ yy ነው የሚለውን ደግሞ የወላጁ የራሱ ቀለም ይቃወመዋል። ይህ ድምዳሜ በምጥጥኑ ላይ አልተመሠረተም፤ ስለዚህ ምጥጥኑ ቢሳሳት እንኳ አይናወጥም።

ቀጥሎ የሠንጠረዡ ጠርዞች ይታያሉ። ለአንድ ጂን በሚሠራ ሠንጠረዥ በእያንዳንዱ ርእስ ላይ የሚጻፈው አንድ አሊል ብቻ ነው፤ ጋሜት ከጥንዱ አንዱን ብቻ ይይዛልና። በሳጥኖቹ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ፊደል ከተገኘ ስሕተቱ የተፈጸመው በጠርዙ ላይ ነው። ከላይ ያለው ሠንጠረዥ ይህን ፈተና ያልፋል፤ 1 YY፣ 2 Yy እና 1 yy ይሰጣል።

የቀረው የ3:1 ምጥጥን ነው። ከ1,235 ውላጆች በ3:1 የሚጠበቁት 926.25 ቢጫ እና 308.75 ሌሎች ናቸው። ከታዩት ቁጥሮች ጋር ሲነጻጸሩ የካይ ስኩዌር ዋጋ 68.8 ያህል ይሆናል። በአንድ የነጻነት ደረጃና በ5 በመቶ ወሰን የሚፈቀደው 3.84 ስለሆነ 3:1 ተቀባይነት የለውም። በ2:1 ግን የሚጠበቁት 823.3 እና 411.7 ሲሆኑ ዋጋው ወደ 2.0 ይወርዳል። መልሱ ስለ ወላጆቹ ትክክል፣ ስለ ውላጆቹ ምጥጥን ግን የተሳሳተ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ ከአራቱ ሳጥኖች አንዱ፣ YY፣ ሳይወለድ የሚሞት ፅንስ መሆኑ ነው። Y ለቀለም ዶሚናንት ቢሆንም ገዳይነቱ የሚገለጠው ጥንድ ሲሆን ብቻ ነው። ሳጥኑ ከሠንጠረዡ መሰረዝ የለበትም፤ ፅንሱ ተፈጥሯልና። የሚወጣው ከተወለዱት ቆጠራ ነው። ሁለት ነገሮች ይህን ይደግፋሉ። አንደኛ፣ ቢጫ ከቢጫ ሲዳቀል በአንድ ወሊድ የሚገኙት ውላጆች ቁጥር ቢጫ ከሌላ ቀለም ሲዳቀል ከሚገኘው ያንሳል። ሁለተኛ፣ 3:1 ትክክል ቢሆን ኖሮ ከቢጫዎቹ ውላጆች አንድ ሦስተኛው YY በሆኑ ነበር፤ ከyy ጋር በፈተና ድቀላ ሲታዩ ግን ሁሉም Yy ሆነው ይገኛሉ። በፈተና ድቀላው አንድም ቢጫ ያልሆነ ውላጅ መገኘቱ ለዚህ በቂ ነው። በአንጻሩ ስድስት ውላጆች ሁሉ ቢጫ ቢሆኑ ወላጁ YY ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ Yy የሆነ ወላጅም በ64 አንድ ጊዜ በአጋጣሚ እንዲህ ያለ ውጤት ይሰጣል።

የቆጠራው ብዛትም ወሰን ያበጃል። ከ12 ውላጆች በ3:1 የሚጠበቁት 9 እና 3፣ በ2:1 ደግሞ 8 እና 4 ናቸው፤ ልዩነቱ አንድ አይጥ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ትንሽ ቆጠራ የካይ ስኩዌር ስሌት አንዱን ምጥጥን ከሌላው መለየት አይችልም። ያን ጊዜ የሚቻለው የወላጆቹን ጂኖታይፕ ከyy ውላጅ መወሰንና ስለ ምጥጥኑ ከመናገር በፊት ቢጫዎቹን በፈተና ድቀላ መመርመር ነው።