የሶሌታ ርብራብ የሚሸከም የባሕር ዛፍ ድጋፍ፤ አቅሙና የመወዛወዝ መከላከያው

ይህ ጽሑፍ የዕቃ ቤት ወይም የጽሕፈት ቤት ሶሌታ ለሚያሠሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለሚረዷቸው የልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ዕቃ ቤት ነው። ሶሌታው 15 ሴንቲሜትር ውፍረት አለው፤ ከወለሉ እስከ ርብራቡ ያለው ከፍታ 3 ሜትር ነው።

1. በአንድ ድጋፍ ላይ የሚያርፈው ጭነት

ኮንክሪት ከነብረቱ በሜትር ኩብ 2500 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ሶሌታው በአንድ ካሬ ሜትር 375 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለጣውላና ለሞራሌ 50፣ ለሠራተኞች፣ ለባሬላና ለሚከመር ኮንክሪት 200 ኪሎ ግራም ሲጨመር ድምሩ 625 ይደርሳል። ድጋፎቹ በየ1 ሜትር ርቀት ከቆሙ በመካከል ያለው እያንዳንዱ ድጋፍ 625 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው።

2. የድጋፉ አቅም

ረጅምና ቀጭን እንጨት ከመጨፍለቁ አስቀድሞ ይጎብጣል። ስለዚህ አቅሙን የሚወስነው ሳይያዝ ሊጎብጥ የሚችለው ርዝመት ነው። ይህ ርዝመት በእጥፍ ሲያድግ አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል።

በቀጭኑ ጫፍ 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለውን ባሕር ዛፍ እንመልከት። ይህም በገመድ ዙሪያው ሲለካ 25 ሴንቲሜትር የሚሆነው ነው። እንጨቱ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ግትርነቱን ዝቅ አድርገን (8000 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር) ይዘን፣ ውጤቱንም ለደኅንነት ለ3 ስናካፍለው የሚከተለው ይገኛል።

ሀ. ራሱም እግሩም ከቦታው የማይነቃነቅ ከሆነ የሚጎብጠው ርዝመት 3 ሜትር፣ አቅሙም 590 ኪሎ ግራም ነው።

ለ. እግሩ ተይዞ ራሱ ወደ ጎን መሄድ ከቻለ ግን እንጨቱ እንደ 6 ሜትር ድጋፍ ይቆጠራል፤ አቅሙም ከ150 ኪሎ ግራም አይበልጥም።

ሐ. ራሱ ተይዞ በወገቡም፣ በ1.5 ሜትር ላይ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ከታሰረ በስሌት ከ2300 ኪሎ ግራም በላይ ይሸከማል። ሆኖም ከላይ ያለው ሞራሌ በድጋፉ ራስ ስለሚጨፈለቅ ከ1000 ኪሎ ግራም በላይ ሊጫንበት አይገባም።

የእኛ ጭነት 625 ስለሆነ «ሀ» እንኳ አይበቃም፤ «ሐ» የግድ ይሆናል።

3. አግድም ማገር ብቻውን አይበቃም

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ድጋፎቹን ሁሉ በአግድም ማገር አያይዞ ሥራው ተፈጸመ ማለት ነው። ማገሩ ድጋፎቹን እርስ በርስ ያያይዛል እንጂ አያቆማቸውም። አንዱ ሲያዘነብል ሁሉም አብረው ያዘነብላሉ። ማገሩ አቅም የሚጨምረው ሰያፍ ድጋፍ ሲኖር ብቻ ነው።

ሰያፉ የሚይዘው የጎን ኃይል ከጠቅላላው ጭነት 2.5 በመቶ ተብሎ ይገመታል። ለ20 ካሬ ሜትር ጠቅላላው ጭነት 12,500 ኪሎ ግራም ስለሆነ የጎኑ ኃይል 312 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በየአቅጣጫው 4 ሰያፎች በ45 ዲግሪ ቢመቱ እያንዳንዱ 110 ኪሎ ግራም ይይዛል። አንድ የ10 ሴንቲሜትር ምስማር 40 ኪሎ ግራም ይይዛል ብንል በየጫፉ 3 ምስማር ያስፈልጋል። ሰያፉ ከአንዱ ድጋፍ እግር ተነሥቶ 3 ሜትር ርቆ ወዳለው ድጋፍ ራስ ይደርሳል፤ በመንገዱ የሚያቋርጣቸው ድጋፎች ላይ ሁሉ ይመታል። ግማሾቹ ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ ያዘንብሉ። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ምስማሮቹ በአንድ መስመር አይመቱ።

4. እግሩና ራሱ

625 ኪሎ ግራም በ8 ሴንቲሜትር እግር በኩል አፈር ላይ ሲያርፍ በካሬ ሴንቲሜትር 12 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፤ አፈሩም ይሰምጣል። ከሥሩ 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ቢነጠፍ ግፊቱ ወደ 0.7 ይወርዳል። ጣውላው በተጠቀጠቀ አፈር ላይ ይረፍ፤ ዝናብ ሥሩን እንዳያጥበው ቦይ ይቆፈር። ከፍታው በሽብልቅ ጥንድ ይስተካከልና ሽብልቁ በምስማር ይያዝ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደርደር፣ ሁለት አጭር እንጨት ቀጥሎ ማቆምም አይገባም። ከራስ እስከ እግር ገመድ ሲወጠር ከ2 ሴንቲሜትር በላይ የሚጎብጥ እንጨት ለማገር ይዋል እንጂ ለድጋፍ አይዋል።

5. ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊትና በሚሞላበት ጊዜ

ከመሞላቱ በፊት አንድ ሰው ርብራቡን በጎን ይግፋ። ርብራቡ ከተወዛወዘ ሰያፍ ይጨመር። ኮንክሪቱ በአንድ ጎን አይከመር፤ ከመካከል ወደ ዳር በእኩል ይዘርጋ። በሚሞላበት ጊዜ ሽብልቅ ከላላ፣ ድጋፍ ከጎበጠ፣ እግር ከሰመጠ ወይም ስንጥቅ ድምፅ ከተሰማ ሥራው ይቁም፤ ከላይም ከታችም ያለው ሰው ሁሉ ይውጣ። የጎበጠውን ለማቃናት ማንም ከሥር አይግባ።

ይህ ስሌት እስከ 3 ሜትር ከፍታና እስከ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ላለው ሶሌታ ብቻ ያገለግላል። ከዚያ በላይ ለሆነና ለምሰሶ ማሰሪያ አግዳሚዎች ግን መሐንዲስ ስሌቱን ሊሠራ ይገባል።