የሩዝ አጥሚትና የሕፃናት የሆድ ድርቀት፦ በፎገራ ሜዳ ሽምብራን ለመጠቀም የቀረበ አማራጭ

የፎገራ ሜዳ በአገራችን በሩዝ አምራችነቱ የታወቀ ሲሆን፣ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ ይገኛል። ሩዝ ከቤት በማይጠፋበት አካባቢ፣ በ6 ወር ዕድሜ የሚጀመረው ተጨማሪ ምግብ የሩዝ አጥሚት ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ አጥሚቱ ብቻውን ሲዘወተር ሰገራ ለምን እንደሚደርቅና በምን እንደሚሻሻል ያብራራል።

አስቀድሞ ድርቀትን ከጤናማ ሁኔታ መለየት ይገባል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ለቀናት ሳይጸዳዳ ቢቆይ፣ ሲያምጥም ፊቱ ቢቀላ፣ ሰገራው ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ድርቀት አይባልም። ድርቀትን የሚያመለክተው ሰገራው ጠጣርና ድብልብል ሆኖ ሕፃኑ በሕመም ሲጸዳዳ፣ ወይም በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በታች ሲወጣ ነው።

ሩዝ ሲፈተግ አብዛኛው አሰሩ ከገለባውና ከብራኑ ጋር ይወገዳል፤ በ100 ግራም ነጭ ሩዝ ውስጥ የሚቀረው 1 ግራም ገደማ ብቻ ነው። አሰር በአንጀት ውስጥ ውኃ ይዞ ሰገራን ስለሚያለሰልስ፣ ሲያንስ ሰገራው ይደርቃል። አጥሚቱ የጡት ወተትን ከተካ ደግሞ የሚገባው ፈሳሽም ይቀንሳል።

ለአብነት፣ በቀን ከ60 ግራም የሩዝ ዱቄት የተሠራ አጥሚት የሚመገብ የ7 ወር ሕፃን እንውሰድ። ከዚህ የሚያገኘው አሰር 1 ግራም አይሞላም። ከዱቄቱ 20 ግራሙ ከነልጣጩ ተቆልቶ በደቀቀ ሽምብራ ቢተካ፣ አሰሩ ወደ 2.5 ግራም ይደርሳል። ሽምብራውን ቀስ በቀስ መጨመር የሆድ መነፋትን ይቀንሳል። ከዚህ ጋር ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ፓፓያ ወይም የተቀቀለ ዱባ፣ ከምግቡም ጋር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። ጡት ማጥባቱ አይቀነስም፤ የላም ወተትም እስከ 12 ወር ድረስ ዋና መጠጥ ሊሆን አይገባም።

ለውጡ ገደብ አለው። በጥራጥሬ ያለው ፋይቴት ብረትና ዚንክ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ ስለሚያውክ፣ የሕፃን ሆድም ትንሽ ስለሆነ፣ ሽምብራውን ከሲሶ በላይ ማብዛት አይመከርም። በሜዳው ሩዝ ከታጨደ በኋላ በቀሪው እርጥበት ከሽምብራ ጋር ጓያም ስለሚዘራ፣ ዱቄቱ ከጓያ ነጻ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ጓያ ሲዘወተር የእግር ሽባነት ያስከትላልና። ለማለስለስ ተብሎ ማር ከ12 ወር በፊት መስጠትም ቦቱሊዝም ለተባለው ከባድ መመረዝ ሊያጋልጥ ይችላል።

ለውጡ ከሠራ ሰገራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለሰልሳል። ካልተሻሻለ ሕፃኑ በጤና ጣቢያ መታየት አለበት። የሆድ መወጠር፣ አረንጓዴ ትውከት፣ በሰገራ ላይ ደም ወይም የክብደት አለመጨመር ከታየ፣ ወይም ድርቀቱ ተጨማሪ ምግብ ከመጀመሩ በፊት የነበረ ከሆነ ግን፣ መንስኤው ከአመጋገብ ውጭ ሊሆን ስለሚችል የምግብ ለውጥ ውጤት ሳይጠበቅ ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል።