መልስ ከመስጠታችን በፊት የሰማነውን መልሰን እንናገር

ደንቡ

በሥራ ቦታ ቅሬታ ሲቀርብብን ብዙዎቻችን ባልደረባችን ተናግሮ ሳይጨርስ መልሱን አዘጋጅተን እንጠብቃለን። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ ለዚህ አንድ ደንብ አቅርቦ ነበር። ክርክር ሲነሳ ማንም ሰው የራሱን ሐሳብ ከመናገሩ በፊት፣ ቀድሞት የተናገረውን ሰው ሐሳብና ስሜት በራሱ አነጋገር መልሶ ይናገር ይላል። የተናገረው ሰው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ካላለ ደግሞ ተራው አልደረሰም። ደንቡ ሲያነቡት ቀላል ይመስላል፤ በንዴት መካከል መፈጸም ግን ልምምድ ይጠይቃል።

በርክክብ ሰዓት

ሁለት ነርሶችን እናስብ። የማታ ተረኛዋ ጠዋት 2፡00 ላይ ዋርዱን አስረክባ መውጣት አለባት፤ የቀን ተረኛዋ ግን አንዳንድ ቀን 2፡30 ትደርሳለች። አንድ ጠዋት የማታዋ ነርስ እንዲህ አለች፦

«ሲስተር፣ አሁንስ በቃኝ! ሁልጊዜ አንቺን ስጠብቅ ነው የማረፍደው። እኔ ቤት የለኝም?»

አፍ ላይ የሚመጣው መልስ «ሁልጊዜ እንኳን አይደለም፤ ትናንት በሰዓቱ ነው የገባሁት፤ ዛሬ ታክሲ አጥቼ ነው» የሚል ነው። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጭቅጭቁ ወዲያው «የትኛው ቀን ነው የዘገየሽው?» ወደሚል ይዞራል፤ ቅሬታውም ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ የቀን ተረኛዋ ታክሲውን ለጊዜው ትታ እንዲህ ትበል፦

«ሌሊቱን ሙሉ ሠርተሽ፣ ጠዋት ደግሞ እኔን መጠበቅ ይጨመርብሻል። ለድካምሽ ምንም እንደማልጨነቅ ሆኖ ነው የተሰማሽ። እንደሱ ነው?»

«መጠበቁንስ እችለዋለሁ። ሳትነግሪኝ መዘግየትሽ ነው እንጂ! እናቴ ታማብኛለች፤ አብራት የምታድረው ጎረቤቴ 3 ሰዓት ላይ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። እንደምትዘገዪ ባውቅ እሷን ቆይልኝ እላት ነበር።»

የመጀመሪያው ግምት ልክ አልነበረም፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ተናጋሪዋ ግምቱን ስታርም ያልተናገረችውን ነገር አወጣችው። የቀን ተረኛዋ እንደገና ትሞክር፦

«ስለዚህ ካስቀየመሽ ነገር ዋናው ሳልደውል መቅረቴ ነው። ለእናትሽ ሰው የምታዘጋጂበትን ጊዜ አሳጥቼሻለሁ።»

«አዎ። እሱ ነው።»

ስለ ታክሲው የሚነገረው አሁን ነው። ችግሩም ተለይቶ ስለታወቀ መፍትሔው አጭር ይሆናል፤ እንደምትዘገይ ካወቀች ቢያንስ እስከ 1፡30 ትደውላለች፣ ካልደረሰች ርክክቡን ማን እንደሚቀበል ደግሞ ሁለቱ አብረው የዋርዱን ኃላፊ ይጠይቃሉ።

የሚበላሽበት ቦታ

በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት የሰውየውን ቃል እንዳለ መድገም ነው። «በቃኝ ነው ያልሽኝ?» የሚል ሰው የሰማ አይመስልም፤ የሚያላግጥ ይመስላል። ሌላው ስህተት ከዚህ ይከፋል፤ የራስን መከላከያ በጥያቄ መልክ ማቅረብ ነው። «ስለዚህ እኔ ሰነፍ ነኝ ነው የምትዪው?» ሲባል ባልደረባችን ያላለችውን እንድታስተባብል ትገደዳለች። በደንብ ከተናገሩ በኋላ «ገብቶኛል፣ ግን…» ብሎ መቀጠልም ያው ነው። ከ«ግን» በፊት የተባለውን ማንም አያስታውሰውም፤ በዚያ ቦታ ዝም ብሎ «አዎ» የሚለውን መጠበቅ ይሻላል።

መሳሳታችንን የምናውቅበት ምልክት አለ። ባልደረባችን ያንኑ አረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ከደገመ አልሰማነውም ማለት ነው። «ተይው በቃ፣ ምንም አይደለም» ካለም እንደዚሁ፤ እኛ ዘንድ ይህ ንግግር የሚመጣው ቅሬታው ሲያልቅ ሳይሆን ሰውየው ተስፋ ሲቆርጥ ነው። እዚያ ላይ «እሺ» ብሎ መሄድ ነገሩን ለሌላ ቀን ያቆየዋል። «አልተረዳሁሽም መሰለኝ፤ የቱ ጋ ሳትኩ?» ማለት ግን በሩን መልሶ ይከፍታል። በአንጻሩ ንግግሩ ከ«ሁልጊዜ» ወጥቶ ወደ ሰዓት፣ ወደ ጎረቤት፣ ወደ እናት ሕመም ከወረደ በትክክል እየሰማን ነው።

ወሰኑ

የባልደረባን ቅሬታ በትክክል መናገር ቅሬታው ትክክል ነው ብሎ መፈረም አይደለም። የቀን ተረኛዋ «አዎ» የሚለውን ከሰማች በኋላ «ሁለት ጊዜ ግን ደውዬልሽ ስልክሽ አይሠራም ነበር» ልትል ትችላለች።

ስድብ ወይም ማስፈራሪያ ሲመጣ ደግሞ መልሶ መናገር ቦታው አይደለም፤ ንግግሩን አቁሞ ለኃላፊ ማሳወቅ ነው። በሕሙማን ፊትም ቢሆን አይሆንም። «ርክክቡን እንጨርስና ነርሶች ክፍል ገብተን እንነጋገር» ይባላል። እንዲህ ብላችሁ ከቀጠራችሁ ግን ያስቀየማችሁት ሰው እስኪያስታውሳችሁ አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ግቡና ጠብቁት።